ጥጥ በሚዛን፣ ቀሚስ በልክ

በባህር ዳር ገበያ የሸማ ዋጋ ሲነሳ ገዢ መጀመሪያ የሚሰማው ስሙን ነው፤ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ። ገዢው ሱቅ ድረስ መጥቶ ጨርቁን በእጁ ከዳሰሰ ስሙ ሊበቃው ይችላል። ዕቃው ለአዲስ አበባ ደላላ ወይም በውጭ ሀገር ለሚኖር ደንበኛ በስልክ ሲሸጥ ግን ስሙ ስለ ክብደቱም ሆነ ታጥቦ ስለሚያጥረው መጠን ምንም አይነግረውም። ልብሱ አልሆነም ተብሎ ሲመለስ ኪሳራው የነጋዴው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ነው። የጨርቅ ክብደት የሚገለጸው አንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን በመናገር ሲሆን፣ ለዚህም ትንሽ ሚዛንና ሜትር ይበቃል። ለምሳሌ 2.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ጋቢ 1.5 ኪሎ ቢመዝን፣ 1,500 ግራም ለ3.75 ካሬ ሜትር ሲካፈል 400 ግራም ይመጣል። ጋቢ ግን አራት ድርብ ስለሆነ እያንዳንዱ ንጣፍ 100 ግራም ብቻ ነው። «400 ግራም» ብሎ ያለፈ ነጋዴ ደንበኛው እንደ ሸራ የደረቀ ጨርቅ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ነጠላም ቢሆን ስሙ ነጠላ ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድርብ ነው። በመሆኑም ግራሙና ድርቡ አብረው መነገር አለባቸው።

ሚዛኑ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። ድሩ በሽመና ላይ እንዳይበጠስ በዱቄት ሙቅ ከተጠናከረ፣ ያ ሙቅ ክብደት ይጨምርና በመጀመሪያው እጥበት ይወጣል። ከመታጠቡ በፊት ጠንካራ፣ ከታጠበ በኋላ ልል የሚሆነው ጨርቅ ምስጢሩ ይኸው ነው። ጥጥ የአየር እርጥበትም ስለሚስብ በጣና ዳር ክረምት ክብደቱ ከፍ ይላል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ታጥቦ በሚገባ ከደረቀ ጨርቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጌጡ ነው። ጥበብ በሽመናው ላይ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራ ሲሆን ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ወይም በመኪና የሚጨመር ነው። ጥልፉ ባልታጠበ ጨርቅ ላይ ከተሠራ ጥጡ በእጥበት ይሰበሰባል፤ ሰው ሠራሹ የጥልፍ ክር ግን እንዳለ ይቀራል። ያኔ አንገቱና ደረቱ ዙሪያው ይጨማደዳል፤ በካውያም አይስተካከልም። መፍትሔው ጨርቁን ከጥልፉ በፊት ማጠብ ነው።

የሚያጥረውን መጠን ለማወቅ በጨርቁ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በክር ምልክት ይደረግና ደንበኛው እንደሚያጥበው ታጥቦ ይለካል። በድሩ አቅጣጫ 47፣ በማጉ አቅጣጫ 48.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጨርቁ በቁመት 6 በመቶ፣ በወርድ 3 በመቶ አጥሯል ማለት ነው።

ይህን ወደ ቀሚስ እናምጣው። የደንበኛዋ ደረት 96 ሴንቲ ሜትር፣ የምትፈልገው ቁመት 140 ቢሆን፣ ለመንቀሳቀሻ 10 ሲጨመር የደረቱ ልክ 106 ይሆናል። ድሩ ከላይ ወደ ታች ከሄደና ጨርቁ ካልታጠበ፣ 106 ለ0.97 ተካፍሎ 109.3፣ 140 ደግሞ ለ0.94 ተካፍሎ 149 ሴንቲ ሜትር መቆረጥ አለበት፤ ለስፌትና ለእጥፋት የሚገባው ከዚህ ውጭ ነው። በ140 ከተሰፋ ግን ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ 131.6 ሆኖ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጥራል።

ጥበቡ በቀሚሱ ጫፍ ላይ ስለሚውል ቀሚስ ሲረዝም ከታች አይቆረጥም፤ የሚያጥረው ከወገብ ወይም ከትከሻ ነው። ስለዚህ በከተማዋ ላለ ሸማኔም ሆነ በፎገራ ወረዳ በሽመናው ለሚታወቀው የአውራምባ ማኅበረሰብ ትእዛዝ ሲሰጥ ቁመቱ ሽመናው ከመጀመሩ በፊት መነገር ይኖርበታል።

የመጨረሻው እጥበት ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥበቡ ላይ ሲታሽ ቀለም ከያዘ፣ ልብሱ ለብቻው መታጠብ እንዳለበት ለገዢው መነገር ይገባዋል። በረኪና ቀለሙን ያጠፋል፤ መጠምዘዝም ሳሳ ያለውን ሽመና ያዛባል።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል የሽያጩ መግለጫ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፦ «የሐበሻ ቀሚስ፤ ጥጥ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ፤ ታጥቦ 110 ግራም በካሬ ሜትር፣ አንድ ንጣፍ፤ ጫፉ ጥበብ፣ አንገቱ የመኪና ጥልፍ፤ ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት የታጠበ፤ ደረት 106፣ ቁመት 140 ሴንቲ ሜትር፤ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፣ በውስጥ በኩል ይተኮስ።»