ኮንዲ ከሽቦ የሠራት መኪና

ኮንዲ የሰባት ዓመት የማላዊ ልጅ ነው። ካረን ሊን ዊሊያምስ ጽፈውት፣ ካትሪን ስቶክ ሥለውት በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው «ጋሊሞቶ» የተባለው የልጆች መጽሐፍ ባለታሪክ እሱ ነው። ጋሊሞቶ በቺቼዋ ቋንቋ መኪና ማለት ነው። ኮንዲ በጫማ ካርቶን ውስጥ ያጠራቀመውን ቁርጥራጭ ሽቦ ይዞ መኪና ሊሠራ ሲነሣ፣ ታላቅ ወንድሙ ኡፉሉ ሽቦው እንደማይበቃው ነግሮ ይስቅበታል። ልጁ ግን በመንደሩ እየዞረ ከአንዱ እየለመነ፣ ከሌላው እየለወጠ የጎደለውን ይሞላል።

ታሪኩ ስለማካፈል አንድም ምክር አይሰጥም። ቢሆንም ለልጆች ስለማካፈል ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ያለው በመኪናው አሠራር ላይ ነው።

የሽቦ መኪና አካሉ ከወፍራም ሽቦ ይታጠፍና መጋጠሚያዎቹ በቀጭን ሽቦ ይጠመጠማሉ። ጎማው ከቆርኪ፣ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ወይም ከዚያው ከሽቦ ይሠራል። ከፊት ጎማዎች ተነሥቶ እስከ ልጁ እጅ የሚደርስ ረጅም ዘንግ ይኖረዋል። የኮንዲ ዘንግ ቀርከሃ ነው። ልጁ ሳያጎነብስ ከኋላ እየሮጠ ይነዳል።

ሥራው ብልሃት ይፈልጋል። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ካጠፉት እየደረቀ ሄዶ ይሰበራል፤ ስለዚህ እጥፋቱን ከመጀመሪያው አስቦ ማጠፍ ይሻላል። የጎማው ማዞሪያ ሽቦ ከጎበጠ ጎማው ይወላገዳል፤ ጫፉ ካልታጠፈ ደግሞ ጎማው ሾልኮ ይወጣል። ደልዳላ መሬት ላይ ገፋ አድርገው ቢለቁትና ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል፣ የላላ ጥምጥም ወይም የጎበጠ ሽቦ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በእጁ የሠራ ልጅ መኪናውን ለሌላ ልጅ ለመስጠት የሚፈራው ነገር ይቀንሳል። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ከተሰበረ ባለቤቱ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። የሽቦው መኪና ግን ጎማው ቢወልቅ የሠራው ልጅ ሽቦውን አጥፎ መልሶ ይገጥመዋል። ያበደረው ልጅ ቁመቱ አጭር ከሆነ ዘንጉ ፊቱ ላይ ይደርስበታል፤ ያኔ ባለቤቱ ዘንጉን ሊያሳጥርለት ይገባል። ተራ መስጠት እዚህ ላይ «እንካ» ብሎ መወርወር ሳይሆን ለሌላው አካል ማስተካከል ይሆናል።

ሽቦውም ከብዙ እጅ የመጣ ነው። ቁራጭ የሰጠ ልጅ መኪናው ሲነዳ «የእኔም አለበት» ቢል ማን ይከለክለዋል? በመጽሐፉም ኮንዲ ማታ በጨረቃ ብርሃን መኪናውን ሲነዳ የሰፈሩ ልጆች አብረውት ናቸው። ሲተኛ ደግሞ ያንኑ ሽቦ ነገ አምቡላንስ፣ አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ሊያደርገው እያሰበ ነው።