የዋትስአፕ ባክአፕ የት ላይ ይቆማል?

ዋትስአፕ መልእክት ያደርሳል እንጂ መልእክት አያስቀምጥም። አንድ መልእክት ተቀባዩ ስልክ ላይ ከደረሰ በኋላ ከኩባንያው ሰርቨር ይጠፋል፤ ስልኩ ተዘግቶ ቢቆይም የሚጠበቀው እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። የዓመታት ወሬ፣ የልጆች ፎቶ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የተላከ የእናት የድምፅ መልእክት ያለው እንግዲህ ስልኩ ውስጥ ነው። ቴሌግራም በዚህ ይለያል። ከሚስጥር ቻት በቀር ሁሉንም በራሱ ሰርቨር ስለሚያኖር፣ ባለቤቱ አዲስ ስልክ ላይ ቁጥሩን ሲያስገባ የቀድሞው ቻት ተከትሎት ይመጣል። ይህን የለመደ ሰው ዋትስአፕም እንዲሁ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ የሚገባው ስልኩ ከተሰረቀ ወይም ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ባክአፕ የሚባለው ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚሠራ ቅጂ ነው። ቅጂው በአንድሮይድ ስልክ ወደ ጉግል አካውንት፣ በአይፎን ወደ አይክላውድ ይሄዳል። አገር ውስጥ በብዛት የሚታየው አንድሮይድ ስለሆነ እዚህም ይበልጥ የሚታየው እሱ ነው። ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል፤ መጀመሪያ ስልኩ ቅጂውን ያዘጋጃል፣ ከዚያ በኢንተርኔት ይልከዋል። ባክአፑ ሲቆም አብዛኛው ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ግን የቆመበት ደረጃ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋትስአፕ በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጽሑፉን መዝገብ ቆልፎ፣ እዚያው ስልኩ ላይ አንድ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ፋይሉ የሚገኘው በሚከተለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ የቅርብ ቀናት ቅጂዎችም አብረውት ይቆያሉ።

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Databases
```

ስክሪኑ ላይ ዝግጅት እየተደረገ መሆኑ ተጽፎ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ፣ እንቅፋቱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ዋናው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። አዲስ ፋይል ለመጻፍ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ማከማቻው ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ደግሞ ዝግጅቱን ጀምሮ መጨረስ አይችልም። አይፎን ላይ መስፈርቱ ከዚህም የከበደ ነው፤ ስልኩም አይክላውዱም ከባክአፑ መጠን 2.05 እጥፍ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲኖራቸው ይጠየቃል። አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ባክአፑ ከ2.4 ጊጋባይት ትንሽ ከፍ ሲል ሌላ ምንም ነገር ባይቀመጥበት እንኳ ቦታው አይበቃም። ሰው 3 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያየ 2 ጊጋባይት ባክአፕ አልሄድ ሲለው የሚደነቀው ይህን ሂሳብ ስለማያውቅ ነው።

ዝግጅቱ አልቆ መላኩ ሲጀመር ጉዳዩ የፍጥነት ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው፣ ሰው ኢንተርኔቱን የሚለካው ቪዲዮ በሚያይበት ማለትም በሚያወርድበት ፍጥነት መሆኑ ነው። ባክአፕ የሚጠቀመው የመላኪያውን ፍጥነት ነው፤ በብዙ መስመሮች፣ በተለይ በስልክ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ መላኪያው ከማውረጃው እጅግ ያንሳል። ሁለተኛው የመለኪያው ነገር ነው። የመስመር ፍጥነት በሜጋቢት፣ የፋይል መጠን በሜጋባይት ይነገራል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ መስመር በሴኮንድ የሚያሻግረው ሩብ ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ጊጋባይት ለመላክ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ለምሳሌ 9 ጊጋባይት ቻት ያለበትን ስልክ እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 6 ጊጋባይቱ ቪዲዮ ነው፤ አብዛኛው ከዕድርና ከቤተ ዘመድ ግሩፕ የመጣ፣ ባለቤቱ አንዴ አይቶ የረሳው። ፎቶውና ድምፁ 2.5 ጊጋባይት፣ ጽሑፉ ግማሽ ጊጋባይት ይሆናል። ጽሑፉ የሁሉም ትንሹ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ስልክ ባለፈው ፍጥነት ሁሉንም ለመላክ ከ10 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ባለቤቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን ይዞ ከቤት ቢወጣ፣ ዋይፋዩ የሚቋረጠው ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ነው። ቪዲዮ እንዲካተት የሚያደርገው Include videos የሚለው ምርጫ ከተዘጋ ግን የሚላከው 3 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ይህም በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያልቅ ያው ሌሊት ይበቃዋል።

የተቋረጠው ሥራ እንዳለ ባዶ አይቀርም። ፎቶና ቪዲዮ የሚላከው አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ተሻግረው ያለቁት በሚቀጥለው ሙከራ እንደገና አይላኩም። በዚሁ ምክንያት የመጀመሪያው ባክአፕ ሌሊቶች ሲፈጅ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አዲስ የተጨመረውን ብቻ ስለሚወስዱ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ችግሩ ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ስክሪኑ እንደጠፋ ከጀርባ የሚሠራውን ማስቆማቸው ነው። ቻርጅ ላይ ሳይሰካ ያደረ ስልክ ጧት ላይ ትናንት የነበረበት ቁጥር ላይ ከተገኘ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ባክአፑ በዋይፋይ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ስልኩ የሚሠራው በሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ፈጽሞ አይነሳም። ምርጫውን ወደ ዳታ መቀየር ይቻላል፤ 9 ጊጋባይት በጥቅል ዳታ ሲላክ ግን ሒሳቡ ቀላል አይደለም።

አንዳንዴ መስመሩም ስልኩም ደህና ሆኖ መላኩ መሐል ላይ በስሕተት ማስታወቂያ ይቆማል። ይህ ብዙውን ጊዜ መድረሻው ሲሞላ የሚሆን ነው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የዋትስአፕ ባክአፕ ከጉግል ማከማቻ አይቆጠርም ነበር። ይህ አሠራር ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቀርቶ፣ አሁን ባክአፑ ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር 15ቱን ነፃ ጊጋባይት ይጋራል። ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ባክአፕ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ የቆመው በዚህ ሳቢያ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያየነው ስልክ ባለቤት በጉግል ፎቶስና በጂሜይል 8 ጊጋባይት ይዞ ከሆነ የቀረው 7 ነው፤ 9ኙ አይገባም፣ ቪዲዮ የሌለበት 3ቱ ግን በሰፊው ይገባል።

ባክአፑ ሲሳካም ምን እንደያዘ ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚይዘው ቅጂው በተወሰደበት ሰዓት ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ጽሑፉን፣ የድምፅ መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ ከተፈቀደም ቪዲዮውን። ከዚያ በፊት የተሰረዘ መልእክት አይገኝበትም። ይበልጥ የሚያሳስተው ስልኩ ሲሞላ ፎቶዎችን ከጋለሪ የሚያጠፋ ሰው «ባክአፕ ላይ አለ» ብሎ መጽናናቱ ነው። ባክአፕ የስልኩ መስተዋት እንጂ ጎተራ አይደለም፤ ስልኩ ላይ የሌለ ፋይል በቀጣዩ ቅጂ ውስጥ ስለማይኖር፣ ቻቱ ሲመለስ በቦታው የሚቀረው ብዥ ያለ ትንሽ ምስል ነው። በራሳቸው የሚጠፉ መልእክቶች ጊዜያቸው ሳያልፍ ቅጂ ከተወሰደ ይካተታሉ፤ ነገር ግን ቻቱ ሲመለስ ጊዜያቸው አልፎ ከሆነ ይሰረዛሉ። አንዴ ብቻ እንዲታይ የተላከ ፎቶ ከተከፈተ በኋላ ባክአፕ ውስጥ አይገባም። የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርም የዋትስአፕ ሳይሆን የስልኩ ንብረት ስለሆነ ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ቻቱ ስም አልባ ቁጥሮች ይዞ ይመጣል።

አዲሱ ቅጂ አሮጌውን ይተካል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ዋትስአፕን ሲጭን የቀድሞው ቻት ይመለስ እንደሆነ ይጠየቃል። ቸኩሎ Skip የሚለውን ቢነካ ባዶ ቻት ይከፈትለታል። ከሴቲንግ ገብቶ በኋላ «አሁን መልስልኝ» የሚልበት ቦታ የለም። መፍትሔው መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፤ ያኔ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ይህ ግን አዲስ ባክአፕ ከመካሄዱ በፊት መደረግ አለበት። አዲሱ ስልክ በዚያው ጉግል አካውንት ባክአፕ አድርጎ ካደረ፣ ባዶው ቻት የዓመታቱን ቻት ተክቶታል፤ የቀድሞውን ከጉግል መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ለመመለስ ባክአፑ የተደረገበት ስልክ ቁጥርና ያው የጉግል አካውንት ያስፈልጋሉ። ብዙዎች የሚሰናከሉት በሁለተኛው ነው፤ ስልኩ ሲገዛ ባለሱቁ የከፈተው ጂሜይል ይሆንና አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው የለም። የትኛው አካውንት ሥራ ላይ እንዳለ፣ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተደረገና መጠኑ ስንት እንደሆነ በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ Chat backup በሚለው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከ2021 ወዲህ ባክአፑን በይለፍ ቃል ወይም 64 አኃዝ ባለው ቁልፍ መቆለፍም ይቻላል። የተቆለፈውን ጉግልም ዋትስአፕም ሊከፍቱት አይችሉም፤ ቁልፉ ከጠፋ ለባለቤቱም አይከፈትለትም።

ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ለሚሻገር ሰው ደግሞ የጉግል ባክአፕ አይጠቅምም፤ አይፎን የሚያነበው ከአይክላውድ የመጣውን ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የአፕል Move to iOS መተግበሪያ ሲሆን፣ ቻቱን ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ያሻግራል። ሁለቱም ስልኮች አንድሮይድ ከሆኑ፣ አሮጌው እስከሠራ ድረስ፣ አዲሱ ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በአሮጌው ስካን በማድረግ ቻቱን ያለ ክላውድ ማዛወር ይቻላል፤ ያ 9 ጊጋባይትም የኢንተርኔቱን ፍጥነት ሳይጠብቅ ጎን ለጎን በተቀመጡት ስልኮች መካከል ያልፋል።