መብራት ሲሄድ ፍሪጁ ስንት ሰዓት ይጠብቃል?

የበዓል ማግስት ነው እንበል። ፍሪጁ ውስጥ የተረፈ ዶሮ ወጥ፣ ወተት፣ አይብና ቅቤ አለ፤ ፍሪዘሩ የቅርጫ ሥጋ ጢም ብሎበታል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ የመጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። አብዛኞቻችን ድስቱን ከፍተን እናሸታለን። ካልሸተተ፣ “ደህና አድርገን እናፍላው” ብለን እንበላዋለን።

አፍንጫችን ግን እዚህ ላይ ያታልለናል። ምግብን የሚያሸቱት ተሕዋስያን ሌሎች ናቸው፤ ሰው የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም አይለውጡም። ማፍላቱም ሁልጊዜ አያድንም። ለምሳሌ ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በሙቀት ይሞታል፤ አስቀድሞ የረጨው መርዝ ግን ወጡ ቢንተከተክም አይጠፋም።

ስለዚህ ዳኛው ሰዓት ነው። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው። በእኛ ምሳሌ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው፤ በየመሀሉ “እስቲ ልየው” እያሉ ከከፈቱት ደግሞ ያጥራል። “አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ምን ይሆናል?” የሚል አይጠፋም። ፍሪጅ ግን ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ የአዲስ አበባ ማድቤት በክረምትም ከዚያ በብዙ ይሞቃል።

ጠዋት ላይ እንግዲህ ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ፣ ወተቱና አይቡ ይደፋሉ። የተቀቀለ ሩዝም ሆነ የተከተፈ ሰላጣ ቢኖር ዕጣው ያው ነው። ዶሮ ወጥ መድፋት አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። ቅቤው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ሎሚውና ያልተቆረጠው ቲማቲም ግን ምንም አይሆኑም።

የፍሪዘሩ ነገር ይለያል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የበረደው ሥጋ ራሱ እርስ በርሱ ይጠባበቃልና። ክፍተቱን ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች መድፈን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቅርጫውን ሲዳስሱት ውስጡ በረዶ ከያዘ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ሲበስል ውሃ ውሃ ቢል እንጂ ጉዳት የለውም። ለስልሶ ሙቀት ከገባው ግን ይጣላል።

ቤት ሳይኖሩ መብራት ሄዶ ቢመለስስ? ሥጋው እንደገና ስለሚጠጥር በመዳሰስ አይታወቅም። ክፍለ አገር ከመሄድዎ በፊት አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡና በረዶ ሲሆን ሳንቲም ያኑሩበት። ሲመለሱ ሳንቲሙ በረዶው አናት ላይ ካለ ሥጋው አልቀለጠም። ስኒው ሥር ሰጥሞ ካገኙት ግን በረዶው ሁሉ ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ ሥጋውን አይብሉት።