የማማው ቁመት የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ ማታ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና ደብተሯን ከፊቴ ዘረጋችው። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቴም 51.2 ይመጣል። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው መልስ ግን 32.75 ነው። መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን?» አለችኝ።

ጥያቄው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ይላል፦ አንዲት ተማሪ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከአንድ ማማ ግርጌ 40 ሜትር ርቃ ቆማለች። ዓይኗ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይላል። ቀና ብላ የማማውን ጫፍ ስታይ የእይታዋ አንግል 38 ዲግሪ ነው። የማማው ቁመት ስንት ነው?

ስሌቷን ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። አንድም የማባዛት ወይም የማካፈል ግድፈት የለበትም። «እስቲ ሥዕሉን አሳዪኝ» አልኳት። በገጹ ጥግ ላይ አውራ ጣት የምታክል ጎነ ሦስት ተስላለች። 38 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ከላይ፣ ማማው ጫፍ ላይ ነው። የዓይን ከፍታው፣ ያ 1.5 ሜትር፣ ሥዕሉ ውስጥ ጭራሽ የለም። ልጅቷን ሦስት ጊዜ ያሳሳታት ይህች ትንሽ ሥዕል ናት።

ይህ ስህተት የሷ ብቻ አይደለም፤ ምክንያትም አለው። ብዙ ልጆች ሒሳብን በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው ከፍ ሲሉ በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራሉ። ትናንት «ዘዌ» ያሉት ዛሬ «አንግል» ይሆናል፤ ከዚያም «አንግል ኦፍ ኤሌቬሽን» የሚባል አዲስ ስም ይመጣል። እንግሊዝኛው አንግሉን «የማማው ጫፍ አንግል» በሚል አነጋገር ስለሚገልጸው ልጁ «ጫፍ» የሚለውን ቃል ይይዝና ቁጥሩን ወስዶ ጫፉ ላይ ይጽፈዋል። አንግሉ የሚገኘው ግን በተመልካቹ ዓይን ዘንድ ነው። ቀጥ ብለን ወደ ፊት ስናይ የእይታችን መስመር ከመሬት ጋር ትይዩ ይሆናል። ከዚያ ተነሥተን ጫፉን እስክናይ ድረስ ዓይናችንን ወደ ላይ ያነሣንበት መጠን ነው አንግሉ። ማማው ምንም አላደረገም፤ ቀና ያለው የእኛ ዓይን ነው።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ይያዙና ሥዕሉን አብረን እንሳለው። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አግዳሚ መስመር ያስምሩ፤ ይህ መሬቱ ነው። በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም መስመር ይሳሉ፤ ይህ ማማው ነው። በግራው ጫፍ ደግሞ በጣም አጭር ቋሚ መስመር ያቁሙ፤ ይህች ተማሪዋ ናት። በአጭሩ መስመር አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ነጥቡ ዓይኗ ነው፤ የጥያቄው ሁሉ መነሻም እሱ ነው።

አሁን ከዓይኗ ነጥብ ተነሥተው ሁለት መስመሮች ያስምሩ። የመጀመሪያው ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ቀኝ ሄዶ ማማውን ይነካል፤ ይህን በቁርጥራጭ መስመር ይሥሩት። ሁለተኛው ሽቅብ ተንጋዶ የማማውን ጫፍ ይነካል፤ ይህ የእይታ መስመሩ ነው። ሁለቱ መስመሮች ዓይኗ ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው የሚፈጠረው ክፍተት ነው 38 ዲግሪ። ቁጥሩ እዚያ ይጻፍ።

ሥዕሉን ራቅ አድርገው ሲያዩት ሁለት ቅርጾች ተደራርበው ይታያሉ። ከታች ረጅምና ቀጭን አራት ማዕዘን አለ፤ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ከፍታው 1.5 ሜትር ነው። በእሱ ላይ ጎነ ሦስት ተቀምጧል። የጎነ ሦስቱ መሠረት ያ ቁርጥራጭ መስመር ስለሆነ እሱም 40 ሜትር ነው። ቋሚ ጎኑ ከተማሪዋ ዓይን ደረጃ በላይ ያለው የማማው ክፍል ነው፤ እሱን ስለማናውቀው h እንበለው። ቋሚውና መሠረቱ የሚገናኙበት አንግል 90 ዲግሪ ነው። ማማው ማለት እንግዲህ h እና 1.5 ሜትር አንድ ላይ ናቸው።

ሥዕሉ ይህን ያህል ከነገረን ከሳይን፣ ከኮሳይንና ከታንጀንት የትኛውን እንውሰድ የሚለው አያስጨንቅም። የምናውቀው መሠረቱን ነው፤ የምንፈልገው ቋሚውን ነው። የተንጋደደውን ጎን አናውቀውም፣ አልተጠየቅነውምም። ሳይንና ኮሳይን ሁለቱም ያንን ጎን ይፈልጋሉ። ያለ እሱ የሚሠራው ታንጀንት ብቻ ነው፤ ታንጀንት ከአንግሉ ፊት ለፊት ያለው ጎን ከአንግሉ አጠገብ ላለው መሠረት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነውና። የ38 ዲግሪ ታንጀንት 0.7813 ነው ሲባል ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በዚህ አንግል የሚነሣ መስመር ወደ ፊት በሄደ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ወደ 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጎነ ሦስቱ በደብተር ላይ ቢሳል ወይም በሜዳ ላይ ቢዘረጋ ይህ ቁጥር አይለወጥም። እኛ የሄድነው 40 ሜትር ስለሆነ፦

tan 38° = h / 40
h = 40 × 0.7813 = 31.25
ቁመት = 31.25 + 1.5 = 32.75 ሜትር

51.2 ከየት እንደመጣም አሁን ግልጽ ነው። 38 ጫፉ ላይ ሲጻፍ ፊት ለፊቱ ያለው ጎን 40 ሜትሩ ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ h። ልጅቷም ደንቡን በትክክል ተከትላ 40ን ለ0.7813 አካፈለች፤ 51.2 ወጣ። ጫፉ ላይ ያለው እውነተኛ አንግል ግን ከ90 ላይ 38 ሲቀነስ የሚቀረው 52 ዲግሪ ነው።

የመጽሐፉን መልስ ሳናይ ስህተቱን ማወቅ ይቻል ነበር? አዎን። የ45 ዲግሪ ታንጀንት ልክ 1 ነው፤ አንግሉ 45 ሲሆን ከዓይን በላይ ያለው ቁመትና ርቀቱ እኩል ናቸው ማለት ነው። የእኛ አንግል ከ45 ስለሚያንስ h ከ40 ሜትር ማነስ አለበት። 51.2 ገና ከመነሻው ሊሆን የማይችል መልስ ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ መስመሯን በእርሳሱ እየነካካች «እና መጀመሪያ ከ40 እንደሚያንስ ማወቅ ነበረብኝ» አለች።

ሌላው ማረጋገጫ ማስመሪያና ፕሮትራክተር ብቻ ይፈልጋል። እያንዳንዱን 4 ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር እየወከልን መሠረቱን 10 ሴንቲ ሜትር እናድርገው። በግራው ጫፍ 38 ዲግሪ ለክተን መስመሩን ወደ ላይ እንሳብ፤ በቀኙ ጫፍ ቋሚ መስመር እናቁም። ሁለቱ እስኪገናኙ ያለው የቋሚው ርዝመት 7.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በ4 ሲባዛ 31.2 ሜትር ይሰጣል። በእጅ የተሳለ ሥዕል ከካልኩሌተሩ የሚለየው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ካልኩሌተሩም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ሥዕሉ ትክክል ሆኖ ማሽኑ አንግሉን በሌላ መለኪያ ከቆጠረው መልሱ ይበላሻል። ስክሪኑ ላይ RAD የሚል ካለ ማማው 13.9 ሜትር ይወጣል፤ ይህን ዓይን ወዲያው ይጠራጠረዋል። GRA ከሆነ ግን 28.7 ሜትር ይመጣል፤ ከ40 ያነሰ፣ እውነት የሚመስል መልስ ስለሆነ ይበልጥ አደገኛ ነው። መፍትሔው tan 45 ብሎ መሞከር ነው። 1 ካልመጣ DEG ላይ አልሆነምና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ይኸው ጥያቄ ከደብተር ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሠራ ሥዕሉ የበለጠ ያስፈልጋል። አንግል ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። የፕሮትራክተሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ ወደ ላይ አዙሮ የመጠጫ ቀሰም ማሰር፣ ከጠርዙ መሐል ነጥብ ላይ ደግሞ ትንሽ ጠጠር የታሰረበት ክር ማንጠልጠል ይበቃል። በቀሰሙ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሲያዩ ክሩ 90 ላይ ይውላል። ጫፉን ሲያዩ ክሩ ከ90 ይሸሻል፤ የሚፈለገው አንግል ያ የሸሸበት መጠን ነው። ክሩ 52 ላይ ካረፈ አንግሉ 38 ነው። ያነበበውን 52 እንዳለ የሚያስገባ ሰው ተመልሶ ያንኑ 51.2 ያገኛል።

ሜዳ ላይ ቁጥሮቹም እንደ መጽሐፉ ፍጹም አይሆኑም። ክሩ በነፋስ ተወዛውዞ 39 ዲግሪ ቢያስነብብ የማማው ቁመት 33.9 ሜትር ይሆናል፤ አንዲት ዲግሪ ከአንድ ሜትር በላይ ታዛባለች። 40 ሜትሩም የሚለካው ከጫፉ ልክ በታች እስካለው ነጥብ ነው። እግሮቹ የተንሰራፉ የብረት ማማ ከሆነ እስከ አጥሩ ወይም እስከ ቅርቡ እግር ብቻ የሚለካ ሰው ርቀቱን ያሳንሳል፤ ማማውም አጥሮ ይወጣል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ያ ረጅምና ቀጭን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን መሆኑ ይቀራል፤ 1.5 ሜትርን መደመር ብቻውን አይበቃም።

በማግስቱ ልጅቷ ቀሰምና ክር ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። የመረጠችው የባንዲራውን ምሰሶ ነው፤ ምክንያቷም ጥሩ ነው። ምሰሶው ገመድ አለው፤ ገመዱ ላይ ቀጭን ሲባጎ አስሮ እስከ አናቱ በመሳብ ቁመቱን በሜትር መለካት ይቻላል። በአንግል ያገኙት ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን ምሰሶው ራሱ ይመሰክራል።

ልጅዎ የዚህ ዓይነት የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ታንጀንት ረስተው ሊሆን ይችላል፤ ግድ የለም። «ዓይኑ የት ነው? አንግሉ የተጻፈው እሱ ዘንድ ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ሥዕሉንም ግማሽ ገጽ ሞልቶ እንዲስለው ያድርጉ።