«ማጉላት» ወይስ «ማባዛት»? የሆርሞን መልእክት በሕዋስ ውስጥ የሚያልፍበትን ሂደት ስለ መሰየም

«አምፕሊፊኬሽን» የተባለው የውጭ ቃል በሥነ ሕይወት ጽሑፎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻል። አንደኛው በቤተ ሙከራ አንድን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ እየደጋገሙ መቅዳት ነው። ሁለተኛው እጅግ ጥቂት የሆነ ሆርሞን በሕዋስ ውስጥ ታላቅ ውጤት የሚያስከትልበት ሂደት ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል «ማባዛት» እና «ማጉላት» የተባሉ ሁለት ግሦች አሉት። ተርጓሚው የትኛውን በየትኛው ቦታ እንደሚያውል ለመወሰን በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን መከተል ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ይኸውም ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን በጉበት ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሰው ሳይበላ ብዙ ሰዓት ሲቆይ በደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ዝቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ግሉካጎንን ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበትም በግላይኮጅን መልክ ያከማቸውን ስኳር ፈትቶ ግሉኮስ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኙት የግሉካጎን ሞሌኪዩሎች ከግሉኮስ ሞሌኪዩሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በግምት ለአንድ መቶ ሚሊዮን ግሉኮስ አንድ ግሉካጎን እንኳ አይደርስም። ይህን ያህል ጥቂት መልእክተኛ ያን ያህል ብዙ ስኳር እንዴት ሊያስለቅቅ ቻለ?

የመልሱን መነሻ የሰጡት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኧርል ሰዘርላንድ፣ ቴዎዶር ራልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ የተፈጨ ጉበት በማሽከርከሪያ መሣሪያ ተለይቶ የሕዋስ ገለፈት ቁርጥራጮች ያሉበት ዝቃጭ ሲወገድ፣ በቀረው ፈሳሽ ላይ ሆርሞን ቢጨመርም ግላይኮጅንን የሚፈታው ኢንዛይም አልነቃም። ሆርሞኑ አስቀድሞ ከዝቃጩ ጋር ሲቀላቀል ግን በሙቀት የማይበላሽ አንድ ትንሽ ውሑድ ተገኘ፤ ይኸው ውሑድ በፈሳሹ ላይ ሲጨመር ኢንዛይሙ ነቃ። ስለዚህ ሆርሞኑ ሥራውን የሚጀምረው በገለፈቱ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ሌላ መልእክተኛ ነው።

ከዚህ የምንማረው የቋንቋ ጉዳይ አለ። በገለፈቱ ላይ ሆርሞኑን የሚይዘው ፕሮቲን በአማርኛ «ተቀባይ» መባሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን እንግዳ ተቀባይ እንግዳውን ወደ ቤት ያስገባል፤ ይህ ተቀባይ ግን አያስገባም። ቃሉን ከ«ማስገባት» ጋር አያይዞ የሚተረጉም ሰው የሙከራውን ፍሬ ነገር ይገለብጠዋል። «መልእክት ተቀባይ» ቢባል ግን ጥርጣሬው ይወገዳል።

የግሉካጎን ተቀባይ ገለፈቱን ሰባት ጊዜ እየበሳ የሚያልፍ ረጅም ፕሮቲን ነው። ሆርሞኑ ሲይዘው ቅርጹን ይለውጥና በገለፈቱ ውስጠኛ ፊት የሚገኘውን ጂ ፕሮቲን ይነካል። ጂ ፕሮቲን በዕረፍት ጊዜ ጂ.ዲ.ፒ. የተባለውን ሞሌኪዩል ይዞ ይኖራል። ተቀባዩ ሲነካው ይህን ለቅቆ ጂ.ቲ.ፒ.ን ይይዛል፤ ከክፍሎቹም አልፋ የተባለው ተለይቶ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል። ኢንዛይሙም ከኤ.ቲ.ፒ. ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ.ን ይሠራል። ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ በሙቀት የማይበላሽ ሆኖ ያገኙት ውሑድ ይኸው ነው።

«ሳይክሊክ» የሚለውን ቅጽል «ዑደታዊ» ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው። አንባቢው እየተመላለሰ የሚከሠት ነገር ይመስለዋል። በዚህ ስም ውስጥ ቃሉ የሚያመለክተው ጊዜን ሳይሆን ቅርጽን ነው፤ የፎስፌቱ ክፍል በሁለት በኩል ከስኳሩ ጋር ተያይዞ ቀለበት ሠርቷል። ስለሆነም «ቀለበታዊ ኤ.ኤም.ፒ.» የሚለው ይቀርባል።

ቀለበታዊ ኤ.ኤም.ፒ. ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ኢንዛይም ያገኛል። ካይኔዝ ማለት ፎስፌትን ከኤ.ቲ.ፒ. ወስዶ በሌላ ሞሌኪዩል ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ይህኛው በዕረፍት ጊዜ ሁለት ሠሪ ክፍሎችና ሁለት ገቺ ክፍሎች አሉት። በተለመደው ገለጻ መሠረት፣ አራት ቀለበታዊ ኤ.ኤም.ፒ. ከገቺዎቹ ጋር ሲጣበቁ ሁለቱ ሠሪዎች ይለቀቃሉ። ሠሪዎቹ ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝን ያነቃሉ፤ እርሱ ፎስፎሪሌዝን ያነቃል፤ ፎስፎሪሌዝም ከግላይኮጅን ላይ ስኳሩን እየቆረጠ ያወጣል።

አሁን ቁጥሩን እንከተል። የሚከተሉት ብዜቶች ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የተለኩ አይደሉም። አንድ ሆርሞን የያዘ ተቀባይ 10 ጂ ፕሮቲኖችን በተራ ያነቃል እንበል። እያንዳንዱ አልፋ የሚያነቃው አንድ ሳይክሌዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የነቁት ሳይክሌዞችም 10 ናቸው፤ እዚህ ላይ ምንም ጭማሪ የለም። እያንዳንዱ ሳይክሌዝ 100 ቀለበታዊ ኤ.ኤም.ፒ. ቢሠራ 1,000 ይሆናሉ። ነገር ግን ሁለት ሠሪ ለማስለቀቅ አራት ስለሚያስፈልግ፣ ከ1,000 የሚገኙት 500 ሠሪዎች ብቻ ናቸው፤ በዚህ ደረጃ ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ እያንዳንዱ ሠሪ 10 ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝ ቢያነቃ 5,000፣ እነዚህም እያንዳንዳቸው 10 ፎስፎሪሌዝ ቢያነቁ 50,000፣ እነርሱም እያንዳንዳቸው 100 የስኳር ሞሌኪዩል ቢቆርጡ 5,000,000 ይሆናል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይታያል። በመጀመሪያ፣ «በየደረጃው ይባዛል» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ትክክል አይደለም። ቁጥሩ የሚያድገው አንድ ኢንዛይም ወይም ተቀባይ ሥራውን በሚደጋግምበት ደረጃ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር በመጣበቅ ብቻ በሚሠራበት ደረጃ ግን አያድግም፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ የተገኙት 5,000,000 ሞሌኪዩሎች ስኳር እንጂ ሆርሞን አይደሉም። የተቀዳ ነገር የለም።

መልእክቱ ማቆሚያ ባይኖረው ኖሮ ጉበት ያከማቸውን ሁሉ ባባከነ ነበር። አልፋ የያዘውን ጂ.ቲ.ፒ. ራሱ ሰንጥቆ ወደ ጂ.ዲ.ፒ. ይለውጥና ይተኛል፤ ፎስፎዳይኤስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም የኤ.ኤም.ፒ.ን ቀለበት ይከፍታል፤ ሌሎች ኢንዛይሞችም የተለጠፈውን ፎስፌት ያነሣሉ። ይህ ሲሰናከል የሚደርሰውን ኮሌራ ያሳያል። የኮሌራ ባክቴሪያ መርዝ በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ በአልፋ ላይ ባዕድ ቁራጭ ይለጥፍበታል፤ አልፋም ጂ.ቲ.ፒ.ን መሰንጠቅ ይሳነዋል። ሳይክሌዙ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የክሎራይድ መውጫውን ይከፍታል፣ ውሃም ይከተለዋል፤ ጽኑ ሕመምተኛ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። እዚህ የበዛ ሆርሞን የለም፤ የታጣው ማጥፊያው ነው። «መልእክቱ በዛ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ ምክንያት ይመራዋል።

እንግዲህ የሁለቱ ግሦች ድርሻ ግልጽ ነው። ማባዣ መሣሪያ አንዱን ጽሑፍ ያንኑ ጽሑፍ አድርጎ ያበዛዋል፤ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭም እንዲሁ ስለሆነ «ማባዛት» ለእርሱ ይገባል። ድምፅ ማጉያ ግን ተናጋሪዎቹን አያበዛም፤ ደካማውን ድምፅ ከሌላ ምንጭ በተገኘ ኃይል ብርቱ ያደርገዋል። በሕዋስ ውስጥም ያ ኃይል ከኤ.ቲ.ፒ.ና ከጂ.ቲ.ፒ. ይገኛል። ስለዚህ ለሆርሞን መልእክት «ማጉላት»፣ ለደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ደግሞ «የማጉላት ተዋረድ» እንዲባል፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚጎላም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዲጠቀስ እናቀርባለን።