ከካርታ ወደ መሬት፦ የመስፈርት ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

የካርታ መስፈርት፣ በተለምዶ ስኬል የሚባለው፣ በካርታ ላይ ባለ ርቀትና በመሬት ላይ ባለው ርቀት መካከል ያለውን ዝምድና የሚገልጽ ነው። በሦስት መንገድ ይቀርባል። አንዱ በቃላት ነው፤ «1 ሳንቲ ሜትር ለ5 ኪሎ ሜትር» እንደ ማለት። ሌላው በካርታው ግርጌ የሚሰመርና እንደ ማስመሪያ የተከፋፈለ መስመር ነው። ሦስተኛው 1:50,000 ወይም 1/50,000 ተብሎ የሚጻፈው የክፍልፋይ መስፈርት ነው። በፈተና ላይ ተማሪን አብዝቶ የሚያስቸግረው ይኸኛው ሲሆን፣ ምክንያቱም ከሦስቱ ውስጥ ምንም የመለኪያ አሃድ የማይጠቅሰው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

1:50,000 ሲል ካርታው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሬቱ 50,000 ጊዜ አንሶ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ በካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 50,000 ሳንቲ ሜትር ነው። በካርታው ላይ 1 ኢንች የሆነውም በመሬት ላይ 50,000 ኢንች ነው። በክብሪት እንጨት የለካ ሰው ቢኖር መልሱ 50,000 ክብሪት እንጨት ይሆንለታል። አሃዱን የሚመርጠው መስፈርቱ ሳይሆን ለኪው ነው፤ የተመረጠው አሃድ ግን በላዕሉም በታህቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። «1 ሳንቲ ሜትር ለ50,000 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ደንብ ጥሷል። የምድር ዙሪያ እንኳ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስሕተቱን ለማየት ማስላትም አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ካሳተማቸው ካርታዎች መካከል ለትምህርት ቤት ልምምድ የሚመቹት ባለ 1:50,000 የመልክዓ ምድር ካርታዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ካርታ ላይ በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ ድልድይ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 7.4 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ጥያቄው በመሬት ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል የሚል ነው። መጀመሪያ የካርታው ርቀት በታህቱ ይባዛል።

7.4 × 50,000 = 370,000

የተለካው በሳንቲ ሜትር ስለነበር የተገኘውም 370,000 ሳንቲ ሜትር ነው። 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ 1 ሜትር ደግሞ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 100,000 ሳንቲ ሜትር አለ። 370,000 ለ100,000 ሲካፈል 3.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ነጥብ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በማባዛቱ ላይ አይደለም፣ በዚህ በመጨረሻው ማካፈል ላይ ነው። ጥያቄ አውጪዎችም ይህን ስለሚያውቁ የምርጫ ጥያቄዎችን የሚያዘጋጁት ከተለመዱ ስሕተቶች ተነሥተው ነው። ከላይ ላለው ጥያቄ 3.7፣ 37 እና 370 ኪሎ ሜትር በምርጫነት ቢቀርቡ፣ ሦስቱም ከአንድ ስሌት የወጡ ናቸው። 370 የሚመጣው ሳንቲ ሜትርን እንደ ሜትር ቆጥሮ ለ1,000 ላካፈለ ሰው ነው። 37 ደግሞ አንድ ዜሮ ለጎደለበት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። 3,700 የሚል ምርጫ ቢኖር ቁጥሩ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ አጠገቡ «ሜትር» ከተጻፈ ትክክል ነው፣ «ኪሎ ሜትር» ከተጻፈ ግን አይደለም።

ይህን መንገድ የሚያሳጥር ዘዴ መስፈርቱን አስቀድሞ ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ ነው። ከታህቱ አምስት ዜሮ ያህል ወደ ግራ ሲሄዱ 50,000 ሳንቲ ሜትር 0.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሌላ አነጋገር በዚህ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። 7.4 ለሁለት ሲካፈል 3.7 ይሆናል፤ ወረቀት እንኳ አያስፈልግም። በተመሳሳይ መንገድ 1:100,000 በሆነ ካርታ 1 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር፣ 1:250,000 በሆነው 2.5 ኪሎ ሜትር፣ 1:2,000,000 በሆነው ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሦስትና አራት ርቀት ሲጠየቅ ይህ ዘዴ ጊዜ ያተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ካርታውን ገና ሲያየው የስፋቱን ግምት እንዲይዝ ያደርገዋል።

በባለ 1:50,000 ካርታ ላይ ማረጋገጫው ካርታው ራሱ ላይ ታትሟል። ካርታውን የሚሸፍኑት የፍርግርግ መስመሮች በየ1 ኪሎ ሜትሩ የተሰመሩ ስለሆኑ፣ የእያንዳንዱ ካሬ ጎን በማስመሪያ ሲለካ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ድልድዩ ያለው መስመር ከፍርግርጉ ጋር ትይዩ ከሆነ አራት ካሬ አይሞላም። 37 ኪሎ ሜትር የሚለው መልስ 37 ካሬ ማቋረጥ ነበረበት፤ ያን ያህል ካሬ ደግሞ በካርታው አንድ ጎን አይገኝም።

የተለካው መንገድ ወይም ወንዝ ከሆነ ማስመሪያ አይበቃም። ክር በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ተኝቶ ጫፍና ጫፉ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ክሩ ተዘርግቶ በማስመሪያ ይለካል። በዚያው ቤተ ክርስቲያንና ድልድይ መካከል ያለው የመኪና መንገድ በክር 9.1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ርቀቱ 4.55 ኪሎ ሜትር ነው። የመንገዱ ርቀት ከቀጥተኛው አንሶ ከተገኘ ክሩ ተወጥሯል ወይም አንድ መታጠፊያ ተዘሏል ማለት ነው።

መስፈርቱ ሲያንስ ሌላ ችግር ብቅ ይላል። (አነስተኛ መስፈርት የሚባለው ታህቱ ትልቅ የሆነው ነው፤ 1/2,000,000 ከ1/50,000 ያነሰ ክፍልፋይ ነውና። ብዙ ተማሪ ይህን ይገለብጠዋል።) 1:2,000,000 በሆነ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ጣና ሐይቅ ከሰሜን እስከ ደቡብ 4.2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 1 ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ከሚጠቀሰው ጋር ይገጥማል። ማስመሪያው በ1 ሚሊ ሜትር ቢስት ግን መልሱ በ2 ኪሎ ሜትር ይዛባል። ያው የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በባለ 1:50,000 ካርታ ላይ 50 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ በአነስተኛ መስፈርት ካርታ ላይ 83.76 ኪሎ ሜትር ብሎ በነጥብ መመለስ ማስመሪያው ያላየውን እንዳየ ማስመሰል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣል፤ ሁለቱ ርቀቶች ተሰጥተው መስፈርቱ ይፈለጋል። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በመሬት ላይ 60 ኪሎ ሜትር፣ በካርታ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 60ን ለ12 አካፍሎ 1:5 ብሎ መጻፍ ያስቸኩላል። ያ ግን «1 ሳንቲ ሜትር ለ5 ኪሎ ሜትር» የሚል የቃላት መስፈርት እንጂ የክፍልፋይ መስፈርት አይደለም። አሃዶቹ መጀመሪያ አንድ መሆን አለባቸው። 60 ኪሎ ሜትር 6,000,000 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለ12 ሲካፈል 500,000 ስለሚሆን መስፈርቱ 1:500,000 ነው። ላዕሉ ምንጊዜም 1 ሆኖ ይጻፋል።

መስፈርቱ ጨርሶ ባልተጻፈበት ካርታ ላይ እንኳ የኬክሮስ መስመሮች ካሉ መውጫ አለ። በሁለት ተከታታይ የኬክሮስ ዲግሪዎች መካከል ያለው ርቀት በመሬት ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ያለው በካርታው ላይ 5.55 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 11,100,000 ለ5.55 ሲካፈል 2,000,000 ይሆናል። በኬንትሮስ መስመሮች ይህን መሞከር አይቻልም፤ ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ ይሄዳሉና።

ካርታው በፎቶ ኮፒ ከተባዛ ግርጌው ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን በፊት ማሰብ ይገባል። ባለ 1:50,000 ካርታ ጎኑ በእጥፍ ቢያድግ የታተመው ቁጥር እንደነበረ ይቀራል፤ እውነተኛው መስፈርት ግን 1:25,000 ሆኗል። የመስመር መስፈርቱ ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያድግ እሱ አይዋሽም። የክፍልፋዩ ቁጥርና የመስመሩ ልኬት ካልተስማሙ የሚታመነው መስመሩ ነው።

የስፋት ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በባለ 1:50,000 ካርታ ላይ 4 በ3 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእርሻ ቦታ በካርታው 12 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 1 ሳንቲ ሜትር 0.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብቻ 12ን በ0.5 አባዝቶ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ትክክል አይደለም፤ መስፈርቱ በርዝመቱም በወርዱም ይሠራልና። 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር 0.5 × 0.5 ማለትም 0.25 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የእርሻው ስፋትም 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግራ ለገባው አስተማማኙ መንገድ ጎኖቹን ለየብቻ መለወጥ ነው፦ 2 ኪሎ ሜትር በ1.5 ኪሎ ሜትር።

በመጨረሻ የሚቀረው ተዳፋት ነው። ካርታ መሬትን ከላይ ወደ ታች እንደሚያይ ዓይን ስለሚያሳይ፣ በመስፈርት የሚገኘው ርቀት አግድመቱ ብቻ ነው። በባለ 1:50,000 ካርታ ላይ በ1,800 ሜትር ከፍታ ካለ መንደር እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ካለ ተራራ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አግድም ርቀቱ 1,500 ሜትር ነው። የከፍታው ልዩነት 800 ሜትር ነው። ሁለቱ ማዕዘናዊ ጎኖች ሲሆኑ፣ ዳገቱን ተከትሎ ያለው ርቀት በፓይታጎረስ ደንብ ይገኛል።

√(1,500² + 800²) = 1,700

ስለዚህ በካርታው 1,500 ሜትር የሆነው በዳገቱ ላይ ሲለካ 1,700 ሜትር ነው፤ ያውም ዳገቱ አንድ ወጥ ከሆነና መንገዱ ካልተጠማዘዘ ነው። ፈተናው «ርቀቱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ የሚፈለገው አግድሙ 1.5 ኪሎ ሜትር ነው። የተዳፋቱ መጠን ከተጠየቀ ግን ከፍታው ለአግድሙ ይካፈላል፤ 800 ለ1,500 ሲካፈል 53 በመቶ ያህል ይሆናል። እዚህም 800 ሜትርን ለ1.5 ኪሎ ሜትር አሃድ ሳያስማሙ ማካፈል 533 የሚል ቁጥር ያመጣል፤ ይህም በምርጫዎቹ መካከል ተጽፎ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።