ቤቷን ተሸክማ የተወለደችው ኤሊ

«ኤሊ እኮ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ታዲያ ትዕግሥት ለምን ትማራለች?»

ይህን የጠየቀችኝ የስድስት ዓመት ልጄ ናት። መብራቱ ጠፍቷል፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል፤ እኔም «መጠበቅ የማትወድ አንዲት ኤሊ ነበረች» ብዬ ገና መጀመሬ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በኤሶፕ ተረት ውስጥ ጥንቸሏ ስትተኛ ኤሊዋ ሳታቋርጥ ተጉዛ ቀደመቻት። ይህን ተረት የሰማ ልጅ ሁሉ ታጋሽ ማን ናት ቢባል ኤሊ ናት ይላል።

ልብ ብሎ ላየው ግን ያቺ ኤሊ የጠበቀችው አንዳች ነገር የለም። ከመነሻዋ እስከ መድረሻዋ ስትሄድ ነው የዋለችው። ቀስ ማለቷም የእግሯ አፈጣጠር እንጂ የጠባይዋ አይደለም። እንዲያውም ቀርፋፋ ሰው ከሌላው ይብስ ሊቸኩል ይችላል፤ ሁልጊዜ የሚደርሰው ሌላው በልቶ ከሄደ በኋላ ነውና። የእኔ ኤሊ እንዲህ ያለችው ናት። እግሯ ዝግ ያለ፣ ልቧ ግን የሚሮጥ።

አስተማሪዋ ወፍ የሆነበት ምክንያትም አለኝ። ኤሊ ቤት ሠርታ አታውቅም። ድንጋይ የሚመስለው ልብሷ የገዛ የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ተስፋፍተውና ተጋጥመው የሠሩት ነው። ከእንቁላሏ የምትወጣው ከነቤቷ ነው። ሠርቶ ማፍረስን፣ አፍርሶ መሥራትን ከየት ትማረው?

በዝዋይ፣ በሐዋሳና በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የተቀመጠ ሰው ከቅርንጫፍ ጫፍ እንደ ትንሽ ቅርጫት የተንጠለጠሉ ጎጆዎችን፣ በዙሪያቸው የሚንጫጩትንም ቢጫ ወፎች አይቷል። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። የለመለመ ሣር ጠርዙን በመንቁሩ ነክሶ ይይዝና ሲበርር ሣሩ ተሰንጥቆ ረጅም ክር ይሆንለታል። በመጀመሪያ ከቅርንጫፉ ጋር የታሰረ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በቀለበቱ ላይ ቆሞ፣ አንገቱ እስከሚደርስበት ድረስ እየጠለፈ የጎጆውን ሆድ ያወጣል፤ ጣሪያና መግቢያ ይጨምርለታል። ሣሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ እርጥቡ ይታጠፋል፣ ደረቁ ይሰበራል። ሲያልቅ ሴቷ መጥታ ትገባለች፣ ውስጡን በመንቁሯ እየጎተተች ትፈትሻለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ ቡናማ እስኪሆን የሚፈልጋት ሴት ያጣ ጎጆ ብዙ ጊዜ በሠሪው በራሱ ይፈርስና በቦታው ሌላ ይጀመራል።

ለተረቴ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ወጣቶቹ ወፎች የሚያደርጉት ነገር ነው። ገና ቢጫውን ላባ ሳይለብሱ፣ መልካቸው እንደ ሴቶቹ ደብዘዝ ያለ ሳለ፣ መጥለፍ ይለማመዳሉ። ሥራቸው የተንጨባረረ ነው። ያስገቡት ክር ተመልሶ ይወጣል፣ ቀለበታቸው ይላላል። ያም ሆኖ ይደጋግሙታል፤ በመደጋገምም እጃቸው ይፈታል። የእኔን ወፍ ያገኘሁት ከእነዚህ መካከል ነው። ተረቱም እንዲህ ነው።

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

በሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ። ከሾላው ሥር እትዬ ኤሊ ትኖር ነበር። እትዬ ኤሊ የበሰለ ሾላ በጣም ትወዳለች፤ ዛፍ መውጣት ግን አትችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ «ውደቅ! አሁን! አሁን! አሁን!» ትላለች። ሾላው ዝም። ትናደድና በጀርባዋ ግንዱን ጓ! ታደርገዋለች። አንድ ቀን አንድ ፍሬ ወደቀላት። አረንጓዴ ነው። ነከሰችው። ድንጋይ! መራራ! እንትፍ ብላ ተፋችው።

በዚያው ቅጽበት አንድ የሣር ክር ከላይ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ኤሊ» አለ አንድ ትንሽ ወፍ። «ቤት እየሠራሁ ነው። ይቅርታ፣ ክሬ አምልጦኝ ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«እንጃ። አንድ ክር፣ ደግሞ አንድ ክር።»

በማግስቱ ጎጆው እንዳለ ወርዶ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። «ይኸው!» አለች እትዬ ኤሊ። ወፉ ወረደ። ጎጆውን በመንቁሩ ገለበጠው፤ እንደገና ገለበጠው። «ቀለበቱ ላልቶ ነበር» አለና ወደ ሣሩ በረረ። አንድ ክር፣ ደግሞ አንድ ክር።

ሁለተኛው ጎጆ አልወደቀም። ግን ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አንዲት ወፍ መጥታ ገባች፣ አየች፣ ወጣች፤ ሄደች። እትዬ ኤሊ በእሱ ፈንታ ተቆጣች። «እኔ ብሆን ዛፉን ነበር የምገጨው!» ወፉ ግን ዘመም ያለውን ጎጆ መፍታት ጀመረ። አንድ ክር አወጣ፤ ደግሞ አንድ ክር።

እትዬ ኤሊ ቀና ብላ ማየት ያዘች። ሲያወጣ ቆጠረች። አዲሱን ሲጀምርም ቆጠረች። አንድ ክር። ሁለት ክር። ሦስት ክር። ስትቆጥር «አሁን» ማለቱን ረሳችው። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ወረደች፤ እሷ ገና ትቆጥራለች። አራት ክር። አምስት ክር። አንገቷ ቀስ እያለ ወደ ቤቷ ገባ። አንድ ዓይኗ ተከደነ፣ ሌላውም ተከደነ።

ሲነጋ ሦስተኛው ጎጆ አረንጓዴ ሆኖ፣ ክብ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ወፏ መጣች፤ ገባች፤ አልወጣችም። ከእትዬ ኤሊ አፍንጫ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ የበሰለ ሾላ። ማንም አልገጨው፣ ማንም አልጠራው። በላችው። ሌላስ? ወደ ላይ አየች። «አንድ ክር» አለች፤ «ደግሞ አንድ ክር» ብላ አንገቷን አስገብታ ተኛች።

ተረቱ ይኸው ነው፤ ቀስ ብሎ ከተነገረ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ግን በመጀመሪያው ማታ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ወፉን እንደ ሰባኪ አድርጌው ነበር። ጎጆው ሲወድቅበት «እትዬ ኤሊ፣ በሕይወት ውስጥ ትዕግሥት ያስፈልጋል» ይላል። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ተረቱን እንድደግም ስትጠይቀኝ «ወፉ ግን አይምከራት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ትዕግሥት» የሚለው ቃል ከተረቱ ወጥቷል። አንበሳውን ሥጋ እያበላች ቀስ በቀስ ተጠግታ ጸጉሩን የነቀለችው ሴት ታሪክ ሲነገር፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ትምህርቱን ገልጦ ይነግራታል። እሱ ነቅቶ፣ ተቀምጦ ለሚሰማ ነው። እንቅልፍ ዓይኑን ለያዘው ልጅ ግን ምክር ሲመጣ ተረቱ ያኔ አልቋል።

ሁለተኛው ስሕተቴ እባብ ነው። እባብ ወደ እንዲህ ያለ ጎጆ እንቁላል ፍለጋ እንደሚወጣ ስለማውቅ ተረቱ የሚያጓጓ ይሆናል ብዬ ጨመርኩት። ልጄ ተነሥታ ቁጭ አለች። «ያዘው? በላው?» እንቅልፉ ጠፋ፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ የእባብ ጥያቄ ስመልስ አመሸሁ። የማታ ተረት ችግር ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ማንም አይሰማውም። ችግሩ ግን ልጁ ብርድ ልብሱን ሳይገፍፍ ሊሰማው የሚችል መሆን አለበት። የወደቀ ጎጆ ይበቃል።

ድምፅም ሥራ አለው። «አሁን! አሁን!» የሚለው በመጀመሪያ ጮክ ተብሎ ይባላል፤ ልጅም አብሮ ይላል፣ ቢስቅም ይሳቅ። «አንድ ክር፣ ደግሞ አንድ ክር» ግን በመጣ ቁጥር ከቀድሞው ዝቅ፣ ከቀድሞው ረዘም ማለት አለበት። መቁጠሩ ላይ ሲደረስ በአንዱ ክርና በሚቀጥለው መካከል አንድ ሙሉ ትንፋሽ እተዋለሁ። የልጄ አተነፋፈስ ከቆጠራው ጋር መሄድ ሲጀምር ዓይኗን ሳላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት አውቃለሁ። ካልተኛች ክሩ ይጨመራል፤ ጎጆ ስንት ክር እንደሚፈልግ የሚቆጣጠረኝ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። ተረታችን ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። ይህ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት መልካም ነው፤ ተራውን ለሚቀጥለው ተራች ያስተላልፋል። በመኝታ ሰዓት ግን ልጅን ተረት አምጪ ብሎ መቀስቀስ ነው። ስለዚህ «ተረት ተረት» ብዬ እከፍታለሁ፤ ሳልዘጋው ዝም እላለሁ።

ልጄ ይህን ተረት ብዙ ማታ ሰምታዋለች። ስለ ዘመመው ጎጆ ታውቃለች፣ ያየችውን ትታ ስለሄደችው ወፍም ደጋግማ ትጠይቀኛለች። ሾላው የወደቀበትን ጠዋት ግን እስካሁን አልደረሰችበትም፤ ሁልጊዜ ክር ሲቆጠር ነው የምትተኛው።